ሊብሬ፣ ሦስተኛ ወገን፣ ምርመራ፣ ቦሎ፦ አንድ አይሱዙ ከአራዳ ሊማሊሞ እስኪወርድ

ለአንድ የጭነት መኪና የሚያስፈልጉት ዋና ወረቀቶች አራት ናቸው፦ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራ ውጤትና ቦሎ። አምስተኛው የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ነው። ሰው የሚደክምባቸው አንዱ ያለሌላው ስለማይሰጥ ነው። ቦሎ የሚለጠፈው መኪናው ምርመራ ካለፈ በኋላ ነው፤ ቦሎውን ለማውጣት ደግሞ የጸና መድን ይጠየቃል፤ መድኑም ምርመራውም የሚጻፉት ሊብሬው ላይ ባለው ስምና ቁጥር ነው። በሊብሬው ያለች አንዲት ስህተት ብዙ ጊዜ የምትያዘው በመጨረሻው መስኮት ነው፤ ያን ጊዜ የመድኑም የምርመራውም ገንዘብ ወጥቷል፣ መኪናውም ሥራ ፈትቶ ቆሟል።

ለምሳሌ የምንወስደው መኪና ኮድ 3 አማ የሆነ አንድ አሮጌ አይሱዙ ነው። ባለቤቱ ጎንደር አራዳ ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ራሱ አይነዳም፣ ሹፌር ቀጥሯል። መኪናው በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ያራግፋል፤ አንዳንዴም ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይዘልቃል። የገዛው ከባሕር ዳር ነው። ሞተሩ አምና ተቀይሯል። ቦሎው ሊያልቅ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በከተማው ብዙ ስለሆነ ከነጉድለቱ እንያዘው።

አንደኛ፦ ሊብሬውን ከመኪናው ጋር ማመሳከር

ሊብሬውን በእጅዎ ይዘው ወደ መኪናው ይሂዱ። የሚመሳከሩት የባለቤት ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ቀለምና የመጫን አቅም ናቸው። ይህ ምዝገባ የሚመራው በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ ብረቱ ላይ የተመታ ስለሆነ በጭቃና በዝገት ይሸፈናል። ነጭ ጋዝ ውስጥ በተነከረ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት፤ ከዚያ ጠመኔ ቢያሹበት ቁጥሩ ወጥቶ ይነበባል። በፍሌክስ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነኩት። ቁጥሩ ላይ የመፋቅ ምልክት ያየ መርማሪ «ዝገት ነው ያጸዳሁት» ቢሉት አያምንም፤ ባያምንም አይፈረድበትም፤ የተሰረቀ መኪና የሚታወቀው በዚሁ ነውና።

የእኛ አይሱዙ እዚህ ሁለት ቦታ ይወድቃል። የመጀመሪያው ሞተሩ ነው። የተቀየረ ሞተር ሊብሬው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ ምርመራ ከመሄዱ በፊት የሞተሩን የግዢ ደረሰኝና ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ሰነድ ይዞ መንገድ ትራንስፖርት መሄድና አዲሱን ቁጥር ማስመዝገብ አለበት። ሞተሩን በአደራ ገዝቶ ደረሰኝ ያልያዘ ሰው የሚቸገረው ይኼኔ ነው፤ ሻጩን ከዓመት በኋላ ፈልጎ ደረሰኝ ማስቆረጥ ቀላል አይሆንም።

ሁለተኛው ስሙ ነው። ባለቤቱ ከባሕር ዳሩ ሻጭ ጋር በሰነድ ማረጋገጫ ተዋውሏል፣ ገንዘቡን ከፍሏል፣ መኪናውን ተረክቧል፤ ስሙን ግን አላዛወረም። እንዲህ አድርጎ በውክልና መንዳት በአገራችን የተለመደ ነው። ሕጉ ግን የሚያየው መዝገቡን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተሽከርካሪ ባለቤትነት የሚተላለፈው እንደ ተራ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በመረካከብ ብቻ አይደለም፤ ልዩ ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆነ ምዝገባን ይጠይቃል። በ1952 የወጣው የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2081 ደግሞ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያለ ፈቃዱ የተነዳ ቢሆንም። ስለዚህ ስም ያላዛወረ ሻጭ መኪናው በሄደበት ሁሉ በፍርድ ቤት ሊጠራበት ይችላል፤ ስም ያላዛወረ ገዢም ሻጩ ቢሞት ከወራሾች ጋር፣ ሻጩ ዕዳ ካለበት ከአበዳሪዎቹ ጋር ይነታረካል። ውክልናውም የሚጸናው ወካዩ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። የእኛ ነጋዴ ቦሎ ከማደሱ በፊት ስሙን ያዛውር። ፋይሉ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ ይህን ሥራ ቦሎው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ቢጀምረው ይሻለዋል።

መኪናው በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ዋናው ሊብሬ ባንኩ ዘንድ ነው። አስቀድመው ለምርመራና ለቦሎ የሚሆን ደብዳቤ ያጽፉ።

ሁለተኛ፦ ቀኖቹን በአንድ አቆጣጠር መጻፍ

አንድ ወረቀት ወስደው መድኑ፣ ቦሎው፣ መንጃ ፈቃዱና የንግድ ፈቃዱ የሚያልቁበትን ቀን ይጻፉ። ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ቦሎው በኢትዮጵያ ዓመት ሲነበብ የመድን ሰርተፊኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ ቀን ነው።

እንበል ሰርተፊኬቱ ላይ ማብቂያው 20/10/2025 ይላል። ሹፌሩ ዓመቱን «2018 ማለት ነው» ብሎ ይለውጣል፤ ቀኑንና ወሩን ግን እንዳለ ይተዋቸዋል። ስለዚህ 20/10 እርሱ ዘንድ ሰኔ 20 ነው። እውነቱ ግን ጥቅምት 10 ቀን 2018 ነው። መድኑ በጥቅምት አልቆ እርሱ እስከ ሰኔ እንዳለው አምኖ ይነዳል ማለት ነው፤ ከስምንት ወር በላይ ያለ ዋስትና። ትራፊክ ካላስቆመው አይታወቅም፤ ሰው ከገጨ ግን የዚያኑ ዕለት ይታወቃል። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጠው በእስክሪብቶ በወፍራሙ ይጻፉና የመኪናው ክሩስኮት ላይ ሹፌሩ የሚያየው ቦታ ይለጥፉት። ሰርተፊኬቱ ላይ ግን ምንም አይጻፉበት።

ሦስተኛ፦ መድኑን መግዛት፣ የገዙትንም ማንበብ

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። በኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ ፈቃድ ባላቸው የግል ኩባንያዎች ይገዛል። ሊብሬውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ይከፍላሉ፣ ሰርተፊኬትና መስታወት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ይቀበላሉ። ከመስኮቱ ሳይርቁ የሚያዩት የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የአገልግሎቱን ዓይነት ነው። ክፍያው እንደ አገልግሎቱ ስለሚለያይ አንዳንዱ ባለቤት ገንዘብ ለማዳን የንግዱን መኪና የግል ብሎ ያስጽፋል። ጥቂት ብር ያተርፋል፤ አደጋ የደረሰ ቀን ግን ከኩባንያው ጋር የሚከራከርበትን በር ራሱ ከፍቷል።

ይህ መድን የሚከፍለው መኪናዎ ለሚጎዳው ሌላ ሰውና ንብረት ነው። የእርስዎን አይሱዙ አያሠራም፤ መሪ የያዘውን ሹፌር ጉዳትም አይሸፍንም። የሚከፍለውም እስከ ጣሪያው ነው። አዋጁ ሲወጣ የሞት ካሳ ጣሪያ 40,000 ብር፣ የንብረት ጉዳት ጣሪያ 100,000 ብር ነበር፤ የእርስዎ ውል ላይ ያለውን መጠን ኩባንያውን ጠይቀው ይወቁ። ምክንያቱም ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ በዚያው በአንቀጽ 2081 መሠረት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ደባርቅ መግቢያ ላይ አይሱዙው አንድ አዲስ ፒክአፕ ቢገጭና ጥገናው 600,000 ብር ቢገመት፣ በ100,000 ጣሪያ ነጋዴው 500,000 ብር ከኪሱ ይፈለግበታል። በዛሬ የመለዋወጫ ዋጋ ይህ የተጋነነ ምሳሌ አይደለም። ለዚህ ነው ብዙ ባለንግድ መኪና «ሙሉ» የሚባለውን ዋስትና ወይም የሦስተኛ ወገኑን ጣሪያ ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ውል የሚገዛው።

«ሙሉ» የገዛ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ምድብ። በአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ የጭነት አይሱዙ አይነዳም፤ የሚጠየቀው ከመኪናው ክብደት ጋር የሚመጣጠን የደረቅ ጭነት ምድብ ነው። ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት ወይም ምድቡ የማይመጥን ሹፌር ባገለበጠው መኪና ኩባንያው ጥገናውን አልከፍልም ቢል ውሉ ይደግፈዋል። ሹፌር ሲቀጥሩ የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ በሁለቱም ገጽ ያስቀሩ፤ የማብቂያ ቀኑንም ከላይ በተባለው ወረቀት ላይ ይጨምሩ።

አራተኛ፦ ከምርመራው በፊት ጋራዥ

የምርመራ ጣቢያው መሣሪያ ፍሬንን በየአክስሉ ይለካል፤ የፊት መብራትን አቅጣጫ፣ የፊት ጎማዎችን ወደ ጎን መንሸራተትና ጭሱን ያያል። ከዚያ መርማሪው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከሥር ይመለከታል። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ ክላክስ፣ ስፖኪዮና የመስታወት መጥረጊያ በቤት የሚታዩ ናቸው፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ሌላው እየረገጠና እያበራ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። በአምፖል ምክንያት ወድቆ መመለስ ያሳፍራል።

ፍሬኑ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መሣሪያው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ፍሬኑ በቂ ኃይል አለው ወይ? የግራና የቀኙስ ይመጣጠናል ወይ? አሮጌ አይሱዙ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሁለተኛው ነው። የቀኙ ጠንክሮ ሲይዝ የግራው ዘግይቶ ከያዘ መኪናው ሲፈረን ወደ ቀኝ ይጎተታል። ሹፌሩ ቀስ በቀስ ስለሚለምደው ሳያውቅ በመሪው ያርመዋል፤ ስለዚህ እርሱን ከመጠየቅ ሌላ ሰው ይንዳው። ከአዘዞ ወዲያ ሜዳና ጭር ያለ ቦታ ላይ በዝግታ እየሄደ መሪውን ላላ አድርጎ ይያዝና ይፍረን፤ ወዴት እንደሚጎትት ወዲያው ይታወቃል። ሌላው ዘዴ ከተወሰነ መንገድ በኋላ ቆሞ የአራቱንም ታምቡር ሙቀት እጅን አስጠግቶ፣ ሳይነኩ፣ ማወዳደር ነው። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ይዟል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ጭራሹን አይሠራም። ጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ እርጥበት ካለ የፍሬን ሲሊንደሩ ዘይት ያፈስሳል፤ ሸራው አንዴ ዘይት ከጠጣ ደግሞ አጥቦ መመለስ ዋጋ የለውም፣ ይቀየራል። ሲቀየርም የግራና የቀኙ አብረው ነው፤ በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላው አሮጌ ሸራ ያሰረ መካኒክ መሣሪያው የሚጥለውን መኪና ነው የሠራው።

ለዚህ መስመር ምርመራው የማይለካው፣ እርስዎ ግን ሊለኩት የሚገባ ነገርም አለ፤ የፍሬን ዘይት። ምርመራ የሚደረገው ባዶ መኪና ቆሞ፣ ፍሬኑ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሊማሊሞ ግን ጭነት ይዞ፣ ከደባርቅ ብርድ ወደ ዛሪማ ቆላ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት መስፈርቱን ካሟላ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ይህ ወሰን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የሚረገጥ ፍሬን ይህን ሙቀት ያልፋል፤ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ትናንት ምርመራ ያለፈ መኪናም እዚህ ፍሬን እምቢ ሊለው ይችላል። ዘይቱ ቡና መልክ ካመጣ በሙሉ ይቀየር፣ አየሩም ከየጎማው ይውጣ። ዓመታዊውን ምርመራ ምክንያት አድርጎ በየዓመቱ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ገና ከአፋፉ በከባድ ማርሽ መግባት።

ጭሱን በተመለከተ ደጋው የራሱ ጣጣ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2,800 ይጠጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከቆላ ይልቅ እዚህ ጥቁር ጭስ ያበዛል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ የዳባት አቧራ የደፈነው ፊልትሮ ብቻውን መኪና ይጥላል። ያ ካልበቃ የኢንጀክተሮቹንና የፖምፓውን ጉዳይ ባለሙያ ይይ። በምርመራው ዕለት ሞተሩ በደንብ ሞቆ ይድረስ፤ ቀዝቃዛ ናፍጣ ሞተር የበለጠ ያጨሳል።

ጎማ በተውሶ፣ እሳት ማጥፊያ በተውሶ አስሮ ምርመራ የሚያልፍ አለ። ማለፉን ያልፋል፤ ሊማሊሞን ግን የሚወርደው በመለሰው ጎማ ሳይሆን በራሱ ጎማ ነው።

አምስተኛ፦ የምርመራው ቀን

ጠዋት ሰልፍ ሳይበዛ ይድረሱ። መኪናው ባዶና የታጠበ ይሁን፤ ከሥርም ጭምር፣ ምክንያቱም መርማሪው ዘይት የሚያፈስሰውን ቦታ በጭቃ ውስጥ ማየት አይችልም፣ ያላየውን ደግሞ አያሳልፍም። ዋናውን ሊብሬ፣ የጸናውን የመድን ሰርተፊኬት፣ ያለፈውን ዓመት ቦሎ ማስረጃና መታወቂያ ይያዙ። ባለቤቱ ራሱ ካልሄደ ውክልና ይኑር። እሳት ማጥፊያው፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ የት እንዳሉ ሹፌሩ ይወቅ፤ እሳት ማጥፊያው ላይ ያለው የግፊት መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን ይመልከት።

ከወደቀ ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። «ፍሬን ነው» የሚል የቃል መልስ ለመካኒክ አይጠቅምም፤ የትኛው አክስል፣ የትኛው ጎን፣ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት ግን ይመራዋል። አስጠግነው ሲመለሱ ያው ወረቀት አብሮ ይቅረብ።

ስድስተኛ፦ ቦሎ

ምርመራ ያለፈበትን ማስረጃ፣ መድኑንና ሊብሬውን ይዘው መንገድ ትራንስፖርት ይሄዳሉ፤ ዓመታዊ ክፍያው ይከፈላል። ኮድ 3 ስለሆነ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ማስረጃም ይጠየቃል፤ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም እዚህ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ቅጣቱን የማያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ሹፌሩ ክስ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከቶ ረስቶታል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ሹፌሩን ቁጭ አድርገው «እስቲ ወንድሜ፣ ያልከፈልከው ቅጣት አለ?» ብለው ይጠይቁ። ቀድሞ የተቀጠረው ሹፌር ቅጣት ትቶ ሄዶም ሊሆን ይችላል።

ቦሎውን ሲቀበሉ የሰሌዳ ቁጥሩና ዓመቱ ትክክል መሆኑን አይተው፣ የፊት መስታወቱን አጽድተው ይለጥፉት። ያለፈውን ዓመት ይላጡ፤ ተደራርቦ የተለጠፈ ቦሎ በየኬላው ያስቆማል። መስታወት ሲሰበርና ሲቀየር ቦሎው አብሮ እንደሚሄድ አይርሱ፤ የተሰበረውን መስታወት ከመጣል በፊት ቁራጩን ከነቦሎው ያስቀምጡ።

ሰባተኛ፦ መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው

ሹፌሩ ዋናውን መንጃ ፈቃድ፣ የመድን ሰርተፊኬቱን፣ የምርመራውን ማስረጃና የጭነቱን ሰነድ ይይዛል። ሊብሬን በሚመለከት የእኔ አስተያየት ዋናው ባለቤቱ ቤት ተቀምጦ ሹፌሩ በማኅተም የተረጋገጠ ኮፒ ቢይዝ ይሻላል የሚል ነው። መኪና ከነሊብሬው የተሰረቀበት ሰው ንብረቱ በአንድ ቀን ሊሸጥበት ይችላል። የሁሉንም ፎቶ ባለቤቱም ሹፌሩም ስልካቸው ላይ ይያዙ፤ ፎቶው ወረቀቱን አይተካም፣ ወረቀቱ ሲጠፋ ግን ቁጥሮቹን ያስገኛል።

አደጋ ከደረሰ ሹፌሩ የተጎዳውን ወደ ሕክምና እንዲደርስ ያደርጋል፣ ለፖሊስ ያሳውቃል፣ ለባለቤቱ ይደውላል። ባለቤቱ ውሉ ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያመለክታል፤ የፖሊስ ሪፖርትም ያስወጣል። ያልታወቀ መኪና ገጭቶት ያመለጠ ሰው፣ ወይም መድን በሌለው መኪና የተጎዳ፣ ያለ ካሳ አይቀርም፤ ለዚህ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ ማመልከቻውም ከፖሊስ ማስረጃ ጋር ለፈንዱ ይቀርባል። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በመተማ ወደ ሱዳን ለሚሻገር መኪና የአገር ቤቱ ሦስተኛ ወገን ድንበሩ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ነው፤ ጎንደር ሳሉ፣ የአገር ቤቱን መድን ከሚገዙበት ኩባንያ ጠይቀው አብረው ያስወጡት። ካርዱ ላይ የሚሻገሩበት አገር ስም መኖሩንና የሰሌዳ ቁጥሩ በላቲን ፊደል ከሰሌዳው ጋር አንድ መሆኑን ሳያዩ ገላባት አይግቡ።